ትንሹ ጭራ፦ ረጅሙን ሰንሰለት በ n log n ስለማግኘት

በአንድ መደርደሪያ ላይ ከ1 እስከ 9 ቁጥር የተሰጣቸው ጥራዞች አሉ እንበል። ሰው እያወጣ ሲያነብና ሲመልስ ቅደም ተከተላቸው ተዛብቷል፤ አሁን ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበቡ 4፣ 9፣ 5፣ 7፣ 2፣ 6፣ 8፣ 1፣ 3 ናቸው። እነሱን ወደ ቦታቸው ለመመለስ የተፈቀደልን አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ አንድ ጥራዝ መዝዞ ማውጣትና ሌላ ቦታ መሰካት። ስንት ጊዜ ማንሳት ይበቃል?

ጥያቄውን በተገላቢጦሽ ብናየው ይቀላል። የትኞቹን ሳንነካ መተው እንችላለን? ሳይነኩ የሚቀሩት ጥራዞች እርስ በርስ ያላቸው ቅደም ተከተል አይለወጥም። ስለዚህ አሁን ባሉበት ሁኔታ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥራቸው እያደገ የሚሄድ መሆን አለበት። የሚነሱት ጥቂት እንዲሆኑ የሚተዉት ብዙ መሆን አለባቸው። ስለዚህ የምንፈልገው ከተሰጠው ተከታታይ ውስጥ ቦታቸውን ሳያዛቡ ሲመረጡ ቁጥራቸው እያደገ የሚሄድ ረጅሙን ምርጫ ነው። የተመረጡት ጎን ለጎን የተቀመጡ እንዲሆኑ ግድ አይደለም፤ በመካከላቸው ሌላ ቢኖር ይዘለላል። በትምህርት ቤት ቋንቋ «ረጅሙ እያደገ የሚሄድ ንዑስ ተከታታይ» ይባላል። ከዚህ በኋላ ግን ባጭሩ ሰንሰለት እለዋለሁ።

የዚህን ሰንሰለት ርዝመት በፍጥነት የሚያገኘው ዘዴ ከአሥር መስመር ባልበለጠ ኮድ ይጻፋል። ብዙ ፕሮግራመሮች ለፈተና ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲሉ በቃላቸው ይይዙታል። በቃል የተያዘ ኮድ ግን ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥ ይከዳል። በዚህ ዳሰሳ ላሳይ የምፈልገው ዘዴው በሙሉ የቆመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ መሆኑን ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር የያዘ ሰው ኮዱን ራሱ ይጽፈዋል፤ የት እንደሚሠራና የት እንደማይሠራም ይለያል።

ቀርፋፋው መንገድ

መጀመሪያ ለአእምሮ የሚመጣው መፍትሔ ዳይናሚክ ፕሮግራሚንግ ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር «በዚህ ቁጥር ላይ የሚያበቃው ረጅሙ ሰንሰለት ምን ያህል ነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱን ለማግኘት ከእሱ በፊት ያሉትን ሁሉ እናያለን፤ ከእሱ ከሚያንሱት መካከል ትልቁን ርዝመት የያዘውን እንመርጣለን፤ በዚያ ላይ 1 እንጨምራለን። በመደርደሪያችን ላይ ሲሠራ ርዝመቶቹ በተራ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 1፣ 3፣ 4፣ 1፣ 2 ይሆናሉ። ትልቁ 4 ነው። ስለዚህ አራት ጥራዞች ሳይነኩ ይቀራሉ፤ አምስቱ ይነሳሉ።

መልሱ ትክክል ነው፤ ችግሩ ጊዜው ላይ ነው። ለዘጠኝ ጥራዞች 36 ንጽጽር ይበቃል። ለ100,000 ቁጥሮች ግን ወደ 5 ቢሊዮን ንጽጽር ይጠይቃል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁጥር ከእሱ በፊት ካለው ሁሉ ጋር ይተያያል። ብክነቱም ጎልቶ ይታያል። 8 ላይ ስንደርስ ከኋላችን ስድስት ቁጥሮች አሉ፤ በእርግጥ የሚጠቅመን ግን አንዱ ብቻ ነው። ያንን አንዱን ሳንፈልግ እንድናገኘው የሚያደርግ መዝገብ ብንይዝስ?

ሁሉን የተሸከመው ዓረፍተ ነገር

ሁለት ሰንሰለቶች አሉን እንበል፤ ሁለቱም ሁለት ሁለት ቁጥር ይዘዋል። አንዱ 4፣ 9 ነው፤ ሌላው 4፣ 5 ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ቁጥር ምን እንደሆነ አናውቅም። የትኛውን ብንይዝ ይሻላል? 9 ላይ ያበቃውን ሊቀጥል የሚችል ማንኛውም ቁጥር 5 ላይ ያበቃውንም ይቀጥላል፤ ከ9 የሚበልጥ ሁሉ ከ5ም ይበልጣልና። 7 ግን 5 ላይ ያበቃውን ብቻ ይቀጥላል። ስለዚህ 9 ላይ ያበቃውን ብንረሳው ምንም አይጎድልብንም።

ያ ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ይህ ነው፤ ርዝመታቸው እኩል ከሆኑ ሰንሰለቶች መካከል መጨረሻው ያነሰው መቼም አይከፋም። ከዚህ የሚከተለው ለእያንዳንዱ ርዝመት አንድ ቁጥር ብቻ መመዝገብ እንደሚበቃ ነው፤ እሱም በዚያ ርዝመት ከተገኙት ሰንሰለቶች ሁሉ ትንሹ ጭራ ነው። በኮድ ውስጥ ይህ ድርድር አብዛኛውን ጊዜ `tails` ይባላል፤ እኔ የጭራ መዝገብ እለዋለሁ። የመጀመሪያው ቦታ ርዝመቱ 1 የሆነ ሰንሰለት ሊያበቃበት የሚችለውን ትንሹን ቁጥር ይይዛል፤ ሁለተኛው ቦታ ርዝመቱ 2 የሆነውን፣ ሦስተኛው ርዝመቱ 3 የሆነውን፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ይህ መዝገብ ሁልጊዜ ከትንሽ ወደ ትልቅ የተደረደረ ነው። ምክንያቱ ረጅም ማረጋገጫ አያሻውም። ርዝመቱ 3 የሆነው ሰንሰለት በ7 ቢያበቃ፣ ከእሱ መጨረሻውን ብንቆርጥ ርዝመቱ 2 የሆነና ከ7 ባነሰ ቁጥር የሚያበቃ ሰንሰለት ይቀረናል። ስለዚህ ሁለተኛው ቦታ ላይ ያለው ጭራ የግድ ከ7 ያንሳል። መዝገቡን ማንም አልደረደረውም፤ ከትርጉሙ የተነሳ ተደርድሮ ይገኛል። ባይነሪ ሰርች የሚሠራው በተደረደረ ነገር ላይ ብቻ ስለሆነ ፍጥነቱ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ጥራዞቹን አንድ በአንድ

አዲስ ቁጥር በመጣ ቁጥር በመዝገቡ ውስጥ ከእሱ የማያንሰውን የመጀመሪያ ጭራ እንፈልጋለን። ካገኘን በአዲሱ ቁጥር እንተካዋለን። ካላገኘን፣ ማለትም አዲሱ ቁጥር ከሁሉም ጭራዎች ከበለጠ፣ መጨረሻው ላይ እንጨምረዋለን፤ ሰንሰለቱም በአንድ ረዘመ ማለት ነው። በመደርደሪያችን ላይ ሥራው እንዲህ ይሄዳል፤ በግራ የመጣው ቁጥር፣ በቀኝ ከዚያ በኋላ የመዝገቡ መልክ ነው።

```
4   [4]
9   [4, 9]
5   [4, 5]
7   [4, 5, 7]
2   [2, 5, 7]
6   [2, 5, 6]
8   [2, 5, 6, 8]
1   [1, 5, 6, 8]
3   [1, 3, 6, 8]
```

6 የመጣበትን ቅጽበት ቀረብ ብለን እንየው። መዝገቡ 2፣ 5፣ 7 ነው። ባይነሪ ሰርች መሐል ያለውን 5 ያያል፤ ከ6 ስለሚያንስ እሱንና ከእሱ በስተግራ ያለውን ሁሉ ይተዋል። የቀረው 7 ብቻ ነው፤ 7 ከ6 አያንስም፤ ስለዚህ ቦታው ሦስተኛው ነው። 6 በ7 ቦታ ይገባል። ምን ማለት ነው? 5 ላይ የሚያበቃ ባለ ሁለት ሰንሰለት እንዳለ መዝገቡ ያውቃል፤ 6ን ብንቀጥልበት ባለ ሦስት ይሆናል። እስካሁን የነበረው ባለ ሦስት በ7 ያበቃ ነበር፤ አሁን በ6 የሚያበቃ ተገኘ።

ከአንድ ቦታ በላይ የማንነካውስ ለምንድን ነው? ከተተካው ቦታ በስተግራ ያሉት ጭራዎች ሁሉ ከአዲሱ ቁጥር ያንሳሉ፤ ስለዚህ አዲሱ አያሻሽላቸውም። በስተቀኝ ያሉትን ደግሞ ሊደርስባቸው አይችልም። 6 የባለ አራት ሰንሰለት መጨረሻ እንዲሆን ከ6 ባነሰ ቁጥር የሚያበቃ ባለ ሦስት ያስፈልገዋል፤ የባለ ሦስቱ ትንሹ ጭራ ግን 7 ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቁጥር በመዝገቡ ላይ የሚለውጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ያንን ቦታ ማግኘት ደግሞ በግማሽ በግማሽ እየከፈሉ መፈለግ ነው። ለ100,000 ቁጥሮች እያንዳንዱ ፍለጋ ቢበዛ 17 እርምጃ ይፈጃል፤ ድምሩ 1.7 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ቀርፋፋው መንገድ 5 ቢሊዮን ይጠይቅ ነበር።

መዝገቡ ሰንሰለቱ አይደለም

የመጨረሻውን መስመር እንደገና እናንብበው፤ 1፣ 3፣ 6፣ 8። ርዝመቱ 4 ነው፤ ትክክል። እየጨመረም ይሄዳል። ግን ይህ በመደርደሪያው ላይ ያለ ሰንሰለት ነው? አይደለም። 1 እና 3 በመደርደሪያው ላይ የሚገኙት ከ6 እና ከ8 በኋላ ነው። እነዚህን አራት ጥራዞች ሳይነኩ ለመተው የወሰነ ሰው ሥራውን መጨረስ አይችልም።

ይህ በዚህ ርዕስ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ስህተት ነው፤ ዘዴውን በተማርኩበት ጊዜ እኔም ሠርቼዋለሁ። ተሠርቶ ሳይታወቅ የሚቆይበት ምክንያትም አለው። በመማሪያና በመለማመጃ ገጾች ላይ ሁሌ የሚሰጠው ምሳሌ 10፣ 9፣ 2፣ 5፣ 3፣ 7፣ 101፣ 18 ነው። በዚህ ምሳሌ መዝገቡ ሲያልቅ 2፣ 3፣ 7፣ 18 ሆኖ ይገኛል፤ ይህም በአጋጣሚ እውነተኛ ሰንሰለት ነው። ምሳሌውን ሞክሮ ያለፈ ኮድ ትክክል ይመስላል። ስህተቱ የሚጋለጠው ትናንሽ ቁጥሮች ወደ መጨረሻው ሲመጡ ነው። ስለዚህ ማንም ኮዱን ሊፈትሽ ቢፈልግ መጨረሻው ላይ ከሁሉ የሚያንስ ቁጥር ያለበት ተከታታይ ይስጠው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ የመዝገብ ቦታ የተለያየ ሰንሰለት ጭራ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ወደ መዝገቡ በገባበት ቅጽበት በስተግራው የነበረው ማን እንደሆነ ማስታወስ አለብን። 6 ሲገባ በስተግራው 5 ነበር፤ ስለዚህ የ6 ቀዳሚ 5 ነው። በኋላ 5 በ3 ቢተካም የ6 ማስታወሻ አይለወጥም። በመጨረሻ ከመዝገቡ የቀኝ ጫፍ ተነስተን ወደ ኋላ እንከተላለን፤ ከ8 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 5፣ ከ5 ወደ 4። ሲገለበጥ 4፣ 5፣ 6፣ 8 ይሆናል፤ እነዚህ ናቸው ሳይነኩ የሚቀሩት። የሚነሱት 9፣ 7፣ 2፣ 1 እና 3 ናቸው።

በፓይተን ሲጻፍ እንዲህ ነው፤

```python
from bisect import bisect_left

def lis(a):
    tails, idx = [], []
    prev = [-1] * len(a)
    for i, x in enumerate(a):
        p = bisect_left(tails, x)
        if p > 0:
            prev[i] = idx[p - 1]
        if p == len(tails):
            tails.append(x)
            idx.append(i)
        else:
            tails[p] = x
            idx[p] = i
    out = []
    i = idx[-1] if idx else -1
    while i != -1:
        out.append(a[i])
        i = prev[i]
    return out[::-1]
```

`tails` ቁጥሮቹን ይይዛል፤ `idx` እነዚያ ቁጥሮች በተከታታዩ ውስጥ ያሉበትን ቦታ ይይዛል፤ `prev` ደግሞ የእያንዳንዱን ቀዳሚ። ቀዳሚውን በዋጋው ሳይሆን በቦታው መመዝገብ ያስፈልጋል፤ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲደጋገም የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቦታው ነው።

የካርታው ማስረጃ

መልሱ 4 መሆኑን ኮዱ ነገረን። ባለ አምስት ሰንሰለት በእርግጥ አለመኖሩን ኮዱን ሳያምኑ በዓይን ማየት ይቻላል? ይቻላል፤ መንገዱም የመጣው ከካርታ ጨዋታ ነው። ኮሊን ማሎውስ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰው ለብቻው ከሚጫወተው የካርታ ጨዋታ ስሙን የወሰደ የመደርደር ዘዴ አቀረበ። ካርታ አንድ በአንድ ይነሳል፤ ከላዩ ያለው ካርታ ከሚነሳው በሚበልጥ ክምር ላይ ይቀመጣል፤ እንዲህ ያሉ ክምሮች ብዙ ከሆኑ በስተግራ ያለው ይመረጣል። ከሌለ በቀኝ በኩል አዲስ ክምር ይጀመራል። ከየክምሩ ላይ የሚታየው ካርታ ያው የጭራ መዝገባችን ነው፤ ልዩነቱ ተተኩ ያልናቸው ቁጥሮች እዚህ ከሥር ተቀምጠው መቅረታቸው ነው።

ጥራዞቻችንን እንዲህ ብንከምር አራት ክምር ይኖረናል። የመጀመሪያው ከሥር ወደ ላይ 4፣ 2፣ 1 ነው። ሁለተኛው 9፣ 5፣ 3። ሦስተኛው 7፣ 6። አራተኛው 8 ብቻ። በአንድ ክምር ውስጥ ያሉት በመጡበት ተራ ሲታዩ እያነሱ ይሄዳሉ። ስለዚህ እያደገ የሚሄድ ማንኛውም ሰንሰለት ከአንድ ክምር ሁለት ቁጥር ሊወስድ አይችልም። ክምሩ አራት ከሆነ ሰንሰለቱ ከአራት አይበልጥም። እኛ ደግሞ 4፣ 5፣ 6፣ 8 የሚል ባለ አራት ይዘናል። ሁለቱ ከተገናኙ የሚጨመር ማስረጃ የለም።

ይህ የአንድን ኮድ ትክክለኛነት ለመፈተሽም ይጠቅማል። ፕሮግራሙ ሰንሰለቱንም ክምሮቹንም እንዲያወጣ ማድረግ ይቻላል፤ ሰንሰለቱ በተከታታዩ ተራ ሲታይ በእርግጥ የሚያድግ፣ ክምሮቹ ቁጥሮቹን ሁሉ የያዙና በእርግጥ የሚያንሱ፣ የሰንሰለቱ ርዝመትና የክምሮቹ ብዛትም እኩል ከሆኑ መልሱ ትክክል ነው። ፕሮግራሙ ውስጡ እንዴት እንደተጻፈ ማየት እንኳ አያስፈልግም።

ይኸው ሐሳብ በሒሳብ በኩልም የቆየ ታሪክ አለው። ክሬግ ሸንስተድ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ተተክቶ የወጣው ቁጥር እንዳይጠፋ ወደ ሁለተኛ ረድፍ አወረደው፤ እዚያም በተመሳሳይ ሕግ ገብቶ ሌላውን ካስወጣ የወጣው ወደ ሦስተኛ ረድፍ ይወርዳል። በዚህ መንገድ የእኛ ጥራዞች አራት ረድፍ ይሠራሉ፤ 1፣ 3፣ 6፣ 8፤ ቀጥሎ 2፣ 5፤ ቀጥሎ 4፣ 7፤ በመጨረሻ 9። የመጀመሪያው ረድፍ የጭራ መዝገባችን ነው። ሸንስተድ ያረጋገጠው የመጀመሪያው ረድፍ ርዝመት ረጅሙን እያደገ የሚሄድ ሰንሰለት፣ የረድፎቹ ብዛት ደግሞ ረጅሙን እያነሰ የሚሄድ ሰንሰለት እንደሚሰጥ ነው። በመደርደሪያችን ላይ 9፣ 7፣ 6፣ 3 እያነሰ ይሄዳል፤ አራት ነው፤ ረድፎቹም አራት ናቸው።

በእጃችን ያለው አጠቃቀም

የመደርደሪያው ምሳሌ ለማስረዳት ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች የሚያውቁት ቪው፣ በሦስተኛው እትሙ፣ ይህንኑ ሥራ በየቀኑ ይሠራል። በገጹ ላይ ያለ ዝርዝር ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ፣ በአዲሱ ተራ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር በአሮጌው ስንተኛ እንደነበረ ይመዘገባል። ከዚያ `getSequence` የተባለው ተግባር የዚያን ተከታታይ ረጅም ሰንሰለት ያገኛል። በሰንሰለቱ ውስጥ ያሉት መስመሮች ባሉበት ይቀራሉ፤ ሌሎቹ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። መስመሮችን በገጹ ላይ ማንቀሳቀስ ቁጥር ከማወዳደር እጅግ ስለሚከብድ ሒሳቡ ያዋጣል። አሮጌዎቹ ቦታዎች 4፣ 9፣ 5፣ 7፣ 2፣ 6፣ 8፣ 1፣ 3 ከሆኑ የሚንቀሳቀሱት አምስት ብቻ ናቸው። በዚህ ተግባር ውስጥ ቀዳሚዎቹን መመዝገብ ግዴታ ነው፤ የትኞቹ እንደሚቀሩ ማወቅ እንጂ ብዛታቸውን ማወቅ ብቻ አይበቃም።

ሌላው ቦታ ጊት ነው። `git diff --patience` የሚለው ትእዛዝ ስሙን ያገኘው ከዚያው የካርታ ጨዋታ ነው፤ ዘዴውን ያቀረበው ቢትቶረንትን የፈጠረው ብራም ኮኸን ነው። ሁለት የፋይል ቅጂዎችን ሲያነጻጽር በመጀመሪያ የሚፈልገው በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኙ የጋራ መስመሮችን ነው። እነዚህ መስመሮች በመጀመሪያው ፋይል ተራ ሲቀመጡ በሁለተኛው ያላቸው ቦታ የቁጥር ተከታታይ ይሆናል። የዚያ ረጅም ሰንሰለት ሁለቱን ፋይሎች የሚያያይዝ መልሕቅ ነው፤ በመልሕቆቹ መካከል ያለው ቁራጭ ደግሞ እንደገና በተመሳሳይ መንገድ ይታያል። በኮድ ፋይል ውስጥ ባዶ መስመርና የቅንፍ መዝጊያ በየቦታው ይደጋገማሉ፤ የተግባር ስም ያለበት መስመር ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ልዩነቱን በስሙ ላይ ማሰር ከቅንፍ ጋር ከማሰር ለሚያነበው ሰው ይሻላል።

እኩል ቁጥሮችና ፖስታዎች

እስካሁን ቁጥሮቹ አልተደጋገሙም። ሲደጋገሙ አንድ ውሳኔ ያስፈልጋል፤ 3 ከ3 ቀጥሎ ሊመጣ ይችላል ወይስ አይችልም? በጥብቅ የሚያድግ ሰንሰለት ከተፈለገ አይችልም፤ ፍለጋው `bisect_left` ይሆናል፤ እኩል ጭራ ካገኘ እዚያው ይተካዋል። እኩል ከተፈቀደ ፍለጋው `bisect_right` ይሆናል፤ እኩሉን አልፎ ከእሱ የሚበልጠውን የመጀመሪያ ቦታ ይሰጣል። በሲ ፕላስ ፕላስ እነዚህ `lower_bound` እና `upper_bound` ናቸው። 3፣ 3፣ 3 ቢሰጠው የመጀመሪያው 1 ይመልሳል፤ ሁለተኛው 3 ይመልሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተለያየ ጥያቄ ነው የመለሱት። የአንድ ቃል ልዩነት ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል፤ ኮድ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፈተና ሁሉም እኩል የሆኑ ቁጥሮች ቢሆን ይበጃል።

የእኩልነት ነገር በጣም የሚያሳስተው ግን በፖስታዎቹ ጥያቄ ላይ ነው። ወርድና ቁመታቸው የተሰጠ ፖስታዎች አሉ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገባው ሁለቱም ልኮቹ በጥብቅ ሲያንሱ ነው። ስንት ፖስታ እርስ በርስ ሊገባ ይችላል? በወርድ ከደረደርን በኋላ የቁመቶቹን ሰንሰለት መፈለግ ነው፤ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ፖስታዎቹ (2, 3)፣ (4, 5)፣ (4, 6)፣ (6, 7) ቢሆኑ ቁመቶቹ 3፣ 5፣ 6፣ 7 ናቸው፤ ዘዴው 4 ይላል። ይህ ስህተት ነው፤ ወርዳቸው 4 የሆነ ሁለት ፖስታዎች አንዱ በሌላው አይገባምና።

መፍትሔው ወርዳቸው እኩል የሆኑትን በቁመት ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደር ነው። ያኔ ቁመቶቹ 3፣ 6፣ 5፣ 7 ይሆናሉ፤ መልሱም 3 ነው። እኩል ወርድ ያላቸው ቁመቶች እያነሱ ስለሚመጡ ሰንሰለቱ ከእነሱ ሁለት ሊወስድ አይችልም። ልብ ብሎ ላየው ይህ ከካርታው ክምር ማስረጃ ጋር አንድ ነው፤ እያነሰ ከሚሄድ ቡድን ከአንድ በላይ አይወሰድም።

ዓረፍተ ነገሩ ሲፈርስ

አሁን ወደዚያ ዓረፍተ ነገር እንመለስ፤ መጨረሻው ያነሰው መቼም አይከፋም። ጥያቄው ይህን ካፈረሰ የጭራ መዝገቡም ይፈርሳል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ኮዱ ሳይቆም የተሳሳተ መልስ መስጠቱን መቀጠሉ ነው።

ለምሳሌ በተከታታይ የተመረጡ ሁለት ቁጥሮች ልዩነት ከ3 እንዳይበልጥ የሚል ገደብ ቢጨመር? ተከታታዩ 6፣ 1፣ 8 ይሁን። መዝገቡ 6ን ይይዛል፤ 1 ሲመጣ በ6 ቦታ ያስገባዋል፤ ያነሰ ይሻላል በሚል። 8 ሲመጣ ከ1 ጋር ያለው ልዩነት 7 ነው፤ አይቀጥልም፤ መልሱ 1 ይሆናል። ትክክለኛው መልስ ግን 2 ነው፤ 6፣ 8። በዚህ ጥያቄ 1 ከ6 የተሻለ አልነበረም፤ ሌላ ነበር። ስለዚህ የተጣለው ቁጥር መጣል አልነበረበትም።

ሁለተኛው ምሳሌ እያንዳንዱ ቁጥር ክብደት ሲኖረውና ረጅሙን ሳይሆን ድምሩ ትልቁን ሰንሰለት ስንፈልግ ነው። አጭር ሆኖ ከባድ የሆነ ሰንሰለት ሊያሸንፍ ይችላል፤ በርዝመት የተደራጀ መዝገብ ግን ክብደትን አያይም። ሦስተኛው ረጅሙ ሰንሰለት በስንት የተለያየ መንገድ እንደሚገኝ ሲጠየቅ ነው። በመደርደሪያችን ላይ 4፣ 5፣ 6፣ 8 ብቻ ሳይሆን 4፣ 5፣ 7፣ 8ም አለ፤ መዝገቡ ግን 7ን በ6 ሲተካ ያንን መንገድ ረስቶታል። ለርዝመት ጥያቄ መርሳቱ ትክክል ነበር፤ ለመቁጠር ግን አይደለም።

እነዚህ ጥያቄዎች መፍትሔ የላቸውም ማለት አይደለም። በዋጋ ላይ የተሠራ ፌንዊክ ትሪ ወይም ሴግመንት ትሪ ለእያንዳንዱ ቁጥር «ከዚህ ከሚያንሱት መካከል ትልቁ ድምር ስንት ነው?» ወይም «በዚህ የዋጋ ክልል ውስጥ ረጅሙ ስንት ነው?» የሚለውን በ `log n` እርምጃ ይመልሳል። ጠቅላላው ጊዜ አሁንም `n log n` ነው። ዋጋው ተጨማሪ ኮድና ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ ነው፤ ጥቅሙ ምንም ነገር ሳይጥል መያዙ ነው።

ከዚህ በላይ ይፈጥናል?

ቁጥሮችን በማወዳደር ብቻ ለሚሠራ ዘዴ መልሱ አይፈጥንም ነው። ማይክል ፍሬድማን እ.ኤ.አ. በ1975 ርዝመቱን ብቻ ለማግኘት እንኳ በከፋ ሁኔታ በ `n log n` ደረጃ የሚያድግ ንጽጽር እንደሚያስፈልግ አረጋግጧል። ቁጥሮቹ እንደ ጥራዞቻችን ከ1 እስከ n መሆናቸው ከታወቀ ግን ከማወዳደር ሌላ መንገድ ይከፈታል፤ ቫን ኤምደ ቦአስ በተባለው መዋቅር በ `n log log n` ማግኘት ይቻላል። በተግባር ለብዙ ሥራ ይህ አያስፈልግም፤ ቀላሉ ድርድርና ባይነሪ ሰርች ይበቃሉ።

ምክንያቱ መዝገቡ ብዙ ጊዜ አጭር መሆኑ ነው። n ቁጥሮች በዘፈቀደ ቢበወዙ ረጅሙ ሰንሰለት በአማካይ ወደ `2√n` ይጠጋል፤ ይህን ሎጋን እና ሼፕ፣ እንዲሁም ቬርሺክ እና ኬሮቭ እ.ኤ.አ. በ1977 ለየብቻቸው አሳይተዋል። ሚሊዮን የተበወዙ ቁጥሮች ቢሰጡን መዝገቡ ሁለት ሺህ ገደማ ቦታ ብቻ ይይዛል፤ ፍለጋው 11 እርምጃ ያህል ነው። መረጃው ሊደረደር ከቀረበ ደግሞ መዝገቡ ይረዝማል፤ ያኔ አዲሱን ቁጥር ከመፈለግ በፊት ከመጨረሻው ጭራ ጋር ማወዳደር ብዙውን ሥራ በአንድ ንጽጽር ይጨርሳል። ቪው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አዲስ ጥያቄ ሲመጣ ኮዱን ከማስታወስ በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይበቃል፤ እኩል ርዝመት ካላቸው ሁለት ሰንሰለቶች በትንሽ ቁጥር ያበቃው በሌላው ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ይችላል? መልሱ አዎ ከሆነ የጭራ መዝገቡ ይሠራል። መልሱ አይደለም ከሆነ ያ መዝገብ የሚጥለው ነገር አንድ ቀን ይፈለጋል።